መልሱ አንድ ከሆነ የትኞቹ ይወድቃሉ? የምርጫ ጥያቄ የማጣራት አሠራር

ባለፈው ክረምት አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የልምምድ ፈተናዋን ይዛ ጅማ ውስጥ ወደማስጠናበት ክፍል መጣች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር የምንነጋገረው ድምፃችንን ከፍ አድርገን ነበር። ወረቀቷን ሳየው «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም»፣ «ብቻ» የሚሉ ቃላት ያሉባቸው ምርጫዎች በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። ከተሰረዙት አንዱ «የጠፍጣፋ ሦስት ማዕዘን የውስጥ ማዕዘኖች ድምር ሁልጊዜ 180 ዲግሪ ነው» ይላል።

«ይህን አታውቂውም?» አልኳት።

«አውቀዋለሁ፣ መምህር። ግን ‹ሁልጊዜ› ስለሚል ስህተት ነው ብዬ ነው» አለችኝ።

አጥብቃ የያዘችውን እውቀት በአንድ ቃል ምክንያት ጣለችው። ይህ ስህተት የእሷ ብቻ አይደለም፤ «ሁልጊዜ ካለ ሰርዝ» የሚለው ምክር ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ምክንያቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ቃሉ ብቻ ደርሷቸዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከነምክንያቱ ነው። ለስምንተኛ ክፍልም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍልም ተፈታኝ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ ጥያቄው የሚፈልገው እውነቱን ነው ወይስ ሐሰቱን?

ምርጫዎቹን ከማየታችሁ በፊት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡና «የሆነው የቱ ነው» ወይም «ያልሆነው የቱ ነው» የሚለውን ቃል አክብቡበት። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ የምትፈልጓቸው ቃላት «ኖት» እና «ኤክሴፕት» ናቸው። ይህን ደረጃ የሚዘልል ተማሪ ቀጥሎ ከሚመጣው አብዛኛውን በተገላቢጦሽ ይሠራዋል። ምክንያቱን እንደ ደረስንበት አሳያለሁ።

ከዚያ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍናችሁ መልሱን ለመገመት ሞክሩ። የገመታችሁት ከምርጫዎቹ መካከል ካለና እርግጠኛ ከሆናችሁ አጥቁሩትና እለፉ። ማጣሪያው የሚያስፈልገው እርግጠኛ ላልሆናችሁበት ጥያቄ ነው።

ማጣሪያው በሙሉ የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ከአራቱ ምርጫዎች ትክክለኛው መልስ አንድ ብቻ መሆኑ ላይ። ፈታኙ ይህን ቃል ገብቶላችኋል። እናንተም ምርጫዎቹን እርስ በርሳቸው እያገጣጠማችሁ «ይህኛው እውነት ቢሆን ያኛው ምን ይሆናል?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ይህን ጥያቄ የለመደ ተማሪ ስለ ትምህርቱ ብዙ ባያውቅም አንድ ሁለት ምርጫ መጣል ይችላል።

አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ

ማጣሪያው ሦስት ዘዴዎች አሉት፦ አንዱ በሌላው ውስጥ ሲገባ፣ ሁለቱ ሲጣረሱ እና ጠቅላይ ቃል ሲገኝ። ተማሪዎች ሳያዩ በጣም የሚያልፉት የመጀመሪያውን ስለሆነ በእሱ ልጀምር። ይህን ጥያቄ ተመልከቱ።

የጊቤ ወንዝ ውሃ በመጨረሻ የሚሄደው ወዴት ነው?
ሀ. ወደ ናይል ወንዝ
ለ. በባሮ በኩል ወደ ናይል ወንዝ
ሐ. በአባይ በኩል ወደ ናይል ወንዝ
መ. ወደ ቱርካና ሐይቅ

ስለ ጊቤ ምንም እንደማታውቁ አስቡ። «ለ» እውነት ቢሆን ውሃው ወደ ናይል ሄደ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ «ሀ»ም እውነት ይሆናል። መልሱ ሁለት ሊሆን ስለማይችል «ለ» ወደቀ። «ሐ»ም በዚያው መንገድ ይወድቃል፤ በአባይ በኩል ወደ ናይል የገባ ውሃ ያው ወደ ናይል የገባ ውሃ ነው። ካርታ ሳትከፍቱ «ሀ» እና «መ» ብቻ ቀሩ።

አሁን እውቀታችሁን ወደ ሁለቱ አምጡ። ጊቤ ሦስት የሚባለው የኃይል ማመንጫ ግድብ የተሠራው በኦሞ ወንዝ ላይ እንደሆነ በዜና የሰማ ልጅ ጊቤና ኦሞ የአንድ ተፋሰስ ውሃ እንደሆኑ ያስታውሳል። ኦሞ ደግሞ ወደ ደቡብ ወርዶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። መልሱ «መ» ነው። ከአራት ምርጫ ጋር ሲታገል ያልታወሰው ዜና ምርጫው ወደ ሁለት ሲወርድ ትዝ ይላል፤ ይህን በተማሪዎቼ ላይ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሕጉ በአጭሩ ይህ ነው፦ ጠባቡ ምርጫ በሰፊው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ከገባ፣ እውነት በሚጠየቅበት ጥያቄ ላይ ጠባቡ ይወድቃል። ሁለት ምርጫዎች በተለያየ ቃል አንድ ነገር የሚሉ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ይወድቃሉ፤ አንዱ እውነት ከሆነ ሌላውም እውነት ስለሚሆን። «ውሃ ሲሞቅ ይተናል» እና «ሙቀት ውሃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል» በአንድ ጥያቄ ሥር ከተቀመጡ መልሱን ከሌሎቹ ሁለት ፈልጉ።

ሐሰቱ በሚጠየቅበት ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። «ስለ 345 ሐሰት የሆነው የቱ ነው?» ተብሎ «ሀ. ለ3 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ለ. ለ6 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ሐ. ለ5 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ መ. ጎዶሎ ቁጥር ነው» የሚል ቢመጣ፣ ለ6 የሚካፈል ቁጥር ሁሉ ለ3ም ይካፈላል። «ሀ» ሐሰት ከሆነ እንግዲህ «ለ»ም ሐሰት ነው፤ ሁለት ሐሰት ሊኖር ስለማይችል የሚወድቀው ሰፊው፣ ማለትም «ሀ» ነው። ስሌቱም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ የ345 አኃዞች ድምር 12 ስለሆነ ለ3 ይካፈላል፣ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ ለ6 አይካፈልም። መልሱ «ለ» ነው። «ሐሰት» የሚለውን ያላከበበ ተማሪ በዚህ ጥያቄ ላይ ጠባቡን ጥዬ አለፍሁ ሲል ትክክለኛውን መልስ ሰርዞታል።

ይህ ዘዴ የሚከሽፍበት ቦታ አለ። ጥያቄው «ይበልጥ ትክክል የሆነው» ወይም «የተሻለው መልስ» ካለ ፈታኙ ከአንድ በላይ ትክክለኛ ምርጫ እንዳስቀመጠ ነግሯችኋል። እንዲህ ባለ ጥያቄ ላይ ጠባቡና ዝርዝሩ መልስ ሊሆን ስለሚችል መደራረብን አይታችሁ አትሰርዙ። ሁለተኛው ችግር ግዴለሽ ፈታኝ ነው። ስለ ጅማ ከተማ ከፍታ ተጠይቆ «ከ1,000 ሜትር በላይ» እና «ከ1,500 ሜትር በላይ» የሚሉ ምርጫዎች አብረው ቢቀመጡ በሕጉ መሠረት ሁለተኛው ይወድቃል፤ ጅማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር ትበልጣለችና ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ፈታኙም ያሰበው ሁለተኛውን ሊሆን ይችላል። በትምህርት ቤት ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ እጅ አውጥታችሁ መምህሩን ጠይቁ። መጠየቅ በማይቻልበት ፈተና ላይ ግን እውቀታችሁን አስቀድሙ፤ ማጣሪያው እውቀትን አይሽርም።

ሁለቱ ሲጣረሱ

አሁን ወደ አንድ የቡና ጥያቄ እንምጣ። ይህ ጥያቄ የቀሩትን ሁለቱን ዘዴዎች ይዟል፤ ከተማሪዎቼ ጋር ሁልጊዜ የምሠራውም እሱን ነው።

ስለ አረቢካ ቡና ትክክል የሆነው የቱ ነው?
ሀ. በማንኛውም ከፍታ ላይ እኩል ምርት ይሰጣል።
ለ. ፍሬ ለመያዝ የግድ ከሌላ የቡና ተክል የመጣ የአበባ ዱቄት ይፈልጋል።
ሐ. በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ መያዝ ይችላል።
መ. የሚራባው በዘር ብቻ ነው።

«ለ» እና «ሐ»ን ጎን ለጎን አንብቡ። አንዱ «ያለ ሌላ ተክል ዱቄት አይሆንም» ሲል ሌላው «በራሱም ይሆናል» ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁለቱም ሐሰት ሊሆኑም አይችሉም። ከሁለቱ አንዱ የግድ እውነት ነው። እውነት የሆነው ምርጫ ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ ውጭ ያሉት «ሀ» እና «መ» አብረው ወደቁ። ስለ ከፍታም ስለ ዘርም ምንም አላሰብንም።

ደስ የሚለው፣ ይህ ዘዴ «ሐሰት የሆነው የቱ ነው» ሲባልም አይገለበጥም። ከሚጣረሱት ከሁለቱ አንዱ የግድ ሐሰት ስለሆነ መልሱ እዚያው ከሁለቱ መካከል ነው። ጥያቄው የትኛውንም ቢጠይቅ ዓይናችሁን ከጥንዱ ላይ አታንሱ።

እዚህ ላይ ግን ቀስ በሉ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። የተቃረነ ነገር ሁሉ እንዲህ አይደለም። «የሙቀት መጠኑ ይጨምራል» እና «የሙቀት መጠኑ ይቀንሳል» ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግን ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በረዶ በመቅለጥ ላይ ሳለ የሙቀት መጠኑ ባለበት ይቆያልና። «ጥቁር ነው» እና «ነጭ ነው»ም እንዲሁ ናቸው፤ ነገሩ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥንድ ባያችሁ ቁጥር «ሁለቱም አብረው ሐሰት ሊሆኑ ይችላሉን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ ሁኔታ ማሰብ ከቻላችሁ ጥንዱ ሌሎቹን ምርጫዎች አይጥልም። ሦስተኛ ሁኔታ የማይገኘው አንዱ ምርጫ የሌላው ቀጥተኛ አሉታ ሲሆን ነው፦ ይችላል እና አይችልም፣ ነው እና አይደለም፣ አለ እና የለም። ሁለቱ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር፣ በአንድ ሁኔታ ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። አንዱ ስለ አረቢካ ሌላው ስለ ሮቡስታ የሚናገር ከሆነ ጥንድ አይደሉም።

«መ. ሁሉም መልስ ነው» የሚል ምርጫ ባለበት ጥያቄ ላይም መጣረስ ይረዳል። ከላይኞቹ ሁለቱ አብረው እውነት ሊሆኑ ካልቻሉ «ሁሉም» ወዲያውኑ ይወድቃል። ለዚህ ፍጹም መጣረስ እንኳን አያስፈልግም፤ «ይጨምራል» እና «ይቀንሳል» ለዚህ ይበቃሉ።

ጠቅላይ ቃል ሲገኝ

በቡናው ጥያቄ «ለ» እና «ሐ» ቀርተዋል። ከሁለቱ «የግድ» የሚል ቃል የያዘው «ለ» ነው። «የግድ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ሁሉም»፣ «ማንኛውም»፣ «ብቻ»፣ «ብቸኛው»፣ «ምንም»፣ «በፍጹም» የሚሉትን እኔ ጠቅላይ ቃላት እላቸዋለሁ። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ «ኦል»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»፣ «ኦንሊ»፣ «ማስት» የሚሉት ናቸው። ጠቅላይ ቃል የያዘ ዓረፍተ ነገር ሸክሙ ከባድ ነው፤ ከሺህ ሁኔታ በአንዱ ካልሠራ ሐሰት ይሆናል። «ሊሆን ይችላል»፣ «አብዛኛውን ጊዜ»፣ «አንዳንድ» የሚሉት ሸክማቸው ቀላል ነው።

እንግዲህ ጠቅላይ ቃል ስታዩ አትሰርዙ፤ ከሥሩ አስምሩና ማፍረሻ ፈልጉ። ማፍረሻ የምለው ዓረፍተ ነገሩ የማይሠራበትን አንድ እውነተኛ ምሳሌ ነው። ለእያንዳንዱ ቃል ከግማሽ ደቂቃ በላይ አትስጡ። ማፍረሻ ካገኛችሁ ምርጫው ወድቋል። ካላገኛችሁ የጥያቄ ምልክት አድርጉበትና ተዉት፤ ሊወድቅም ሊቆምም ይችላል።

ለ«ሀ» ማፍረሻው ቅርብ ነው፤ ቡና ቆላ ውስጥ በሙቀትና በድርቅ ይጎዳል፣ ውርጭ በሚመታው ደጋም አይሆንለትም። ለ«መ» ደግሞ ቡና ከቁርጥራጭ ግንድና በቤተ ሙከራ ከሕብረ ሕዋስ እንደሚባዛ የግብርና መምህራችሁ ነግሯችሁ ይሆናል። ለ«ለ» ማፍረሻ የፈለገ የጅማ ልጅ የጓሮውን ቡና ያስባል፤ ብቻውን የቆመ አንድ እግር ቡና ጥቅምት ላይ ቀልቶ ይታያል። ይህ ጠቋሚ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ነፋስና ንብ ከጎረቤት ዱቄት ሊያመጡ ይችላሉና። እርግጡን የሚያውቀው አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል እንደሆነ የተማረ ልጅ ነው። የአረቢካ ክሮሞዞም 44 ሲሆን እንደ ሮቡስታ ያሉት ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22 ነው ያላቸው፤ ሮቡስታ ደግሞ በራሱ ዱቄት ፍሬ አይዝም። ጥያቄው ስለ ሮቡስታ ቢሆን ኖሮ «የግድ» የሚለው ምርጫ ትክክል ይሆን ነበር ማለት ነው። ጠቅላይ ቃል በራሱ ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። የቡናው መልስ «ሐ» ነው።

ጠቅላይ ቃል ብዙ ጊዜ እውነት የሚሆነው በሦስት ቦታ ነው፦ በትርጓሜ፣ በሒሳብ እና በተፈጥሮ ሕግ። «ማንኛውም ካሬ አራት እኩል ጎኖች አሉት» የሚለውን ማንም አያፈርሰውም፤ አራት እኩል ጎኖች መኖራቸው በካሬ ትርጓሜ ውስጥ ያለ ነው። የተማሪዬ 180 ዲግሪም የዚሁ ወገን ነው። በባዮሎጂ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በሥነ ዜጋ ግን ልዩ ሁኔታ ስለሚበዛ ማፍረሻ የማግኘት ዕድላችሁ ከፍ ያለ ነው።

የአማርኛ ፈተና ተፈታኞች በተለይ የምትጠነቀቁበት ነገር አለ። «ሁሉም ተክሎች አበባ አያወጡም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ «አበባ የሚያወጣ ተክል የለም» ነው፤ ይህ ሐሰት ነው። ሌላው «አበባ የማያወጡ ተክሎችም አሉ» ነው፤ ፈርን አበባ ስለሌለው ይህ እውነት ነው። «ሁሉም» ከአሉታ ግሥ ጋር ሲመጣ ሁለቱንም ትርጉም በጠርዙ ጻፉና የትኛው ከሌሎቹ ምርጫዎች ጋር እንደሚስማማ እዩ። «ብቻ»ም ቦታው ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል፦ «ቡና ብቻ በጅማ ይበቅላል» እና «ቡና በጅማ ብቻ ይበቅላል» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የጅማ በቆሎ ያፈርሰዋል፤ ሁለተኛውን የሲዳማ ቡና ያፈርሰዋል።

ጥያቄው ሐሰቱን ሲፈልግ ጠቅላይ ቃል ያለበትና ማፍረሻ የተገኘለት ምርጫ የምትፈልጉት መልስ ነው። ያከበባችሁት ቃል እዚህም ይጠቅማል።

ቅደም ተከተሉና ሒሳቡ

ፈተና ላይ እንዲህ ሥሩት፦ መጀመሪያ የሚጣረስ ጥንድ ፈልጉ፣ ሁለት ምርጫ በአንድ ጊዜ የሚጥለው እሱ ነውና። ቀጥሎ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ እንዳለ እዩ። ጠቅላይ ቃልን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከሦስቱ በእርግጠኝነት አነስተኛው እሱ ነው። ሁለቱ የፊተኞቹ ከሎጂክ የመጡ ሲሆኑ ይህኛው እናንተ የምታውቁትን ይጠይቃል።

አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በጭፍን የሚገምት ሰው ከ20 ጥያቄ 5 ያህል ያገኛል። ከእያንዳንዱ ሁለት ምርጫ በትክክል ጥሎ የሚገምት 10 ያህል ያገኛል። «በትክክል» የሚለውን ልብ በሉ፤ ከጣላችኋቸው ሁለቱ አንዱ ትክክለኛው መልስ ከነበረ የቀሩት ሁለቱ ምንም አያስገኙም። ለዚህም ነው በጥርጣሬ ስትሰርዙ ስስ መስመር በእርሳስ እንጂ ድፍን ያለ ቀይ አትጠቀሙ የምለው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀንስ ፈተና ካጋጠማችሁ ደግሞ ከመገመታችሁ በፊት የፈተናውን መመሪያ አንብቡ።

ልምምዱን የምታደርጉት በአሮጌ ፈተና ላይ ነው። 20 ጥያቄ ውሰዱና ከእያንዳንዱ የተሰረዘ ምርጫ ጎን ምክንያቱን በአንድ ፊደል ጻፉ፦ ለሚጣረስ «ጣ»፣ በሌላው ውስጥ ለገባ «ው»፣ ለጠቅላይ ቃል «ጠ»። ከ«ጠ» ጎን ማፍረሻውን በሁለት ሦስት ቃል ጨምሩ። ከዚያ ከመልሱ ጋር አስተያዩና ትክክለኛውን መልስ የሰረዛችሁባቸውን ብቻ ለዩ። ስህተቶቹ «ጠ» ላይ ከበዙ ማፍረሻ ሳታገኙ እየሰረዛችሁ ነው። «ው» ላይ ከበዙ «ያልሆነው» የሚለውን እየዘለላችሁ ነው። «ጣ» ላይ ከሆነ ሦስተኛውን ሁኔታ አላሰባችሁትም።

ያቺ ተማሪ በሁለተኛው ቅዳሜ ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። ቀይ እስክሪብቶው ቀርቷል። ከ«ጠ»ዎቹ አጠገብ «ሮቡስታ»፣ «ፈርን»፣ «በረዶ ሲቀልጥ» የሚሉ ትንንሽ ጽሑፎች ነበሩ። አንድ «ጠ» ብቻ ባዶውን ቆሟል፤ ቁጭ ብለን የተወያየነው በእሱ ላይ ነበር።